ለሆቴል ሥራ አስኪያጅ የሚጻፍ የቡድን ቅናሽ ደብዳቤ

የቡድን ቅናሽ ደብዳቤ አንድ ድርጅት ሰዎቹን በርከት አድርጎ በየጊዜው ወደ አንድ ሆቴል እንደሚያመጣ አስቀድሞ የሚያሳውቅበት፣ በምትኩም ሪሴፕሽን ላይ ከሚጠራው ዋጋ ዝቅ ያለ የአልጋ ዋጋ የሚያቀርብበት የንግድ ሐሳብ ነው። አስጎብኚ ድርጅቶች፣ የስፖርት ክለቦችና ሥልጠና የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች ይጽፉታል። በኢትዮጵያ በብዛት የሚጽፉት ግን የመጨረሻዎቹ ናቸው። ሠልጣኞች ከቢሮ ሥራ ተላቀው እንዲማሩ ሲባል ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ቢሾፍቱ፣ አዳማ ወይም ሐዋሳ ላይ ሥልጠና ማዘጋጀት የተለመደ ነው። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለምትርቅ በተለይ ትመረጣለች።

አብዛኞቹ ደብዳቤዎች የሚጀምሩት ከጸሐፊው ችግር ነው። በጀቱ ማነሱን፣ የሥልጠናውን ዓላማ፣ የድርጅቱን በጎ ሥራ ይዘረዝሩና «ተገቢው ቅናሽ እንዲደረግልን በትሕትና እንጠይቃለን» ብለው ይዘጋሉ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለሥራ አስኪያጁ የሚነግረው ጠቃሚ ነገር የለም። መቼ እንደሚመጡ፣ በየትኛው ቀን ስንት ክፍል እንደሚይዙ፣ ማን እንደሚከፍል አያውቅም። ስለዚህ ወይ ለማንም የሚሰጠውን ትንሽ ቅናሽ ጽፎ ይመልሳል፣ ወይ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ይተወዋል። ውጤት የሚያመጣው ደብዳቤ የተጻፈው ከሥራ አስኪያጁ ወንበር ሆኖ በማሰብ ነው።

ሥራ አስኪያጁን የሚያስጨንቀው ባዶ የሚያድር ክፍል ነው። ማክሰኞ ማታ ያልተሸጠ ክፍል ረቡዕ ዕለት ተደርቦ አይሸጥም፤ የዚያ ሌሊት ገቢ ቀረ ማለት ነው። ቢሾፍቱ ደግሞ ይህ ችግር ጎልቶ የሚታይባት ከተማ ናት። ከዓርብ ማታ ጀምሮ የአዲስ አበባ ሰው ለመዝናናት ወደ ሐይቆቹ ይወርዳል፤ ቅዳሜና እሑድ ሠርገኛው ይጨመራል። እሑድ ማታ መኪናው ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ይመለስና ሰኞ ጠዋት የብዙ ሆቴሎች ቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ ይቀራል። ሠራተኛው ግን ደመወዙን ያገኛል፣ ጥበቃው ያድራል፣ የባንክ ብድሩም ይከፈላል። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚመጣ ቡድን ለእንዲህ ዓይነቱ ሆቴል ትልቅ ዋጋ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ በሒሳብ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ለማስረጃ ያህል 60 ክፍል ያለውን ቢሾፍቱ የሚገኝ ሆቴል እንውሰድ። አንድ ክፍል ቁርስን ጨምሮ፣ ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ሳይታሰብ፣ በ3,000 ብር ይሸጣል እንበል። አንድ ክፍል ሰው ሲያድርበት ብቻ የሚወጣ ወጪ አለ፤ የአንሶላና የፎጣ እጥበት፣ ሳሙና፣ ውኃና መብራት፣ እንዲሁም ቁርሱ። ይህ በአንድ አዳር 700 ብር ይሁን። በሙሉ ዋጋ ከተሸጠ ክፍል ለሆቴሉ 2,300 ብር ይተርፋል። አንድ የሥልጠና ድርጅት 25 ክፍል በ2,400 ብር ልውሰድ ቢል፣ ይህም የ20 በመቶ ቅናሽ ነው፣ ከእያንዳንዱ ክፍል የሚተርፈው 1,700 ብር፣ ከ25ቱ በአንድ ሌሊት 42,500 ብር ይሆናል።

ሥራ አስኪያጁ አሁን የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ እነዚህን 25 ክፍሎች ቡድኑ ባይወስዳቸው ኖሮ ስንቱን በሙሉ ዋጋ እሸጥ ነበር? 18 ክፍል ይሸጥ ከነበረ የሚያገኘው 41,400 ብር ነው፤ ቡድኑ ይሻለዋል። 19 ይሸጥ ከነበረ ግን 43,700 ብር ያገኛል፤ ቡድኑን ተቀብሎ ይከስራል። ማክሰኞ ዕለት ከ60 ክፍሎች 25 ብቻ የሚሸጡ ከሆነ 35 ክፍል ባዶ ነውና ቡድኑ ማንንም አያፈናቅልም፤ 42,500ው ብር ካለው ላይ የሚጨመር ነው። ቅዳሜ 55 ክፍል የሚሸጥ ከሆነ ግን የተረፉት 5 ብቻ ናቸው፤ ቡድኑ ሙሉ ዋጋ ከፋይ የሆኑ 20 እንግዶችን ቦታ ይይዛል። በአንድ ሆቴል፣ በአንድ ዋጋ፣ በአንድ ቡድን ማክሰኞ ያተረፈው ቅናሽ ቅዳሜ ያከስራል።

ከዚህ የሚከተለው፣ የደብዳቤው ዋና ጉልበት ከቁጥሩ ብዛት ይልቅ በቀኖቹ ላይ መሆኑ ነው። «በዓመት 1,000 አዳር እናመጣለን» የሚል ጸሐፊ ቀኖቹን ካልጠቀሰ ሥራ አስኪያጁ የከፋውን ገምቶ ቅናሹን ያሳንሳል። ቅዳሜና እሑድን፣ የመስቀልን ሰሞን፣ በሆራ ሐይቅ የሚከበረውን የእሬቻ በዓል፣ ገናን፣ ጥምቀትንና ፋሲካን ራሱ ጸሐፊው አስቀድሞ ሲያስወጣ ግን ስለ ሆቴሉ ገበያ የሚያውቅ ሰው እንደጻፈለት ይገባዋል። በእነዚያ ቀናት ቡድኑ የግድ ከመጣም ሙሉ ዋጋ እንደሚከፍል መጻፍ ለቀሩት ቀናት የሚጠየቀውን ቅናሽ ያጠናክረዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥሩ እውነት መሆኑ ነው። በሥልጠና ሥራ የተጠራው ሰውና ሆቴል የሚያድረው ሰው ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ትልቁ ምክንያት የውሎ አበል ነው። ሠልጣኙ አበሉን በጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ አልጋውን ራሱ እንዲከፍል ከተደረገ ከፊሉ በቅናሹ ዋጋ እንኳ አያድርም፤ በአቅራቢያው ርካሽ ፔንሲዮን ይይዛል፣ ዘመድ ቤት ያድራል፣ ወይም ማታ ማታ አዲስ አበባ ይመለሳል። ጠዋት አዳራሹ ሞልቶ ይታያል፤ ማታ ግን ከተያዙት 25 ክፍሎች 8ቱ ባዶ ናቸው። ለ4 ሌሊት 32 የክፍል አዳር ማለት ነው፤ በ2,400 ብር ሲሰላ 76,800 ብር ሆቴሉ ጠብቆ አጣ። ይህ አንድ ጊዜ የደረሰበት ሥራ አስኪያጅ ከዚያ በኋላ የሚመጣለትን የቡድን ደብዳቤ ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚያነበው።

ስለዚህ ደብዳቤው የአልጋውን ሒሳብ ማን እንደሚከፍል በማያሻማ ቋንቋ መናገር አለበት። ድርጅቱ በቀጥታ ለሆቴሉ ከፍሎ ለሠልጣኙ የቀረውን አበል ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ይህ ለሆቴሉ ከማንኛውም ተስፋ የሚበልጥ ዋስትና ነውና መጀመሪያ አካባቢ መጻፍ ይገባዋል። ሠልጣኙ ራሱ የሚከፍል ከሆነ ደግሞ ቀድሞ ከተካሄዱ ሥልጠናዎች በትክክል ያደሩትን ሰዎች ቆጥሮ ያንን ቁጥር ማቅረብ ነው የሚሻለው፤ 25 ብሎ 17 ከማምጣት 16 ብሎ 17 ማምጣት ለሁለተኛው ዓመት ድርድር እጅግ ይጠቅማል።

እነዚህ ነገሮች ከተጣሩ በኋላ ደብዳቤው ራሱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። እንደ ማንኛውም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ይኖረዋል፤ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ይጻፋል። ባለቤቱ ራሱ በሚያስተዳድረው ሆቴል ዋጋ የሚወስነው ባለቤቱ ነው፤ በትልልቆቹ ግን የሽያጭ ክፍል ኃላፊው ያዘጋጀውን ሥራ አስኪያጁ ያጸድቃል። አስቀድሞ ስልክ ደውሎ ወሳኙ ማን እንደሆነ መጠየቅ ደብዳቤው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲዞር እንዳይከርም ያደርጋል። ከላይ በተወሰደው ምሳሌ መሠረት ደብዳቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ጉዳዩ፦ በሥራ ቀናት ለሚያርፉ የሥልጠና ቡድኖች የክፍል ዋጋ ስምምነት ሐሳብ ማቅረብን ይመለከታል

ድርጅታችን ከጥቅምት እስከ ሐምሌ ባሉት አሥር ወራት በወር አንድ ጊዜ በቢሾፍቱ ከተማ ሥልጠና ያካሂዳል። እያንዳንዱ ቡድን ሰኞ ገብቶ ዓርብ ከምሳ በኋላ የሚወጣ ሲሆን 25 ክፍሎችን ለ4 አዳር ይይዛል። ይህም በአንድ ዙር 100፣ በአሥሩ ወራት 1,000 የክፍል አዳር ይሆናል። የክፍሎቹን ሒሳብ ድርጅታችን በቀጥታ ለሆቴሉ ይከፍላል።

ቡድኖቻችን ቅዳሜና እሑድ አያድሩም። በመስቀልና በእሬቻ ሰሞን እንዲሁም የገና፣ የጥምቀትና የፋሲካ በዓላት በሚውሉባቸው ሳምንታት ሥልጠና አንይዝም። የአሥሩ ዙሮች የቀን ሰሌዳ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

በዚህ መሠረት ለአንድ ክፍል ለአንድ አዳር፣ ቁርስን ጨምሮ፣ የአገልግሎት ክፍያና ተጨማሪ እሴት ታክስ ሳይካተት 2,400 ብር እንድንከፍል ሐሳብ እናቀርባለን። ሠልጣኞች ከመግባታቸው 14 ቀን በፊት ከ5 ያልበለጡ ክፍሎችን ልንቀንስ እንደምንችል፣ የስም ዝርዝሩን ከ7 ቀን በፊት እንደምናስረክብ፣ ከዚያ በኋላ ሳይያዙ ለቀሩ ክፍሎች የመጀመሪያውን አዳር እንደምንከፍል እናረጋግጣለን። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት 30 በመቶ ቅድሚያ ከፍለን ቀሪውን ደረሰኝ በደረሰን በ15 ቀን ውስጥ እናጠናቅቃለን።

ዝርዝሩን በአካል ቀርበን ለማስረዳት ዝግጁ መሆናችንን እየገለጽን ምላሻችሁን እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር

በዚህ አጭር ደብዳቤ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጠብ የሚያስነሳው «ሳይካተት» የምትለው ቃል ስትዘለል ነው። በኢትዮጵያ ሆቴሎች በተለመደው አሠራር በክፍሉ ዋጋ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በድምሩ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። 2,400 ብር በመጀመሪያው 2,640፣ በሁለተኛው 3,036 ብር ይሆናል። ጸሐፊው 2,400 ሲል ሁሉንም ያካተተ መስሎት ከሆነ በአንድ ክፍል በአንድ አዳር 636 ብር፣ በአንድ ዙር 63,600 ብር ያልታሰበ ዕዳ ይመጣበታል። ሆቴሉም ቢሆን ሁሉን ያካተተ ዋጋ መሆኑ የገባው ደረሰኝ ከቆረጠ በኋላ ከሆነ ቅናሹ ሊሰጥ ካሰበው በእጅጉ በልጦ ያገኘዋል። ሁለቱንም ቁጥር፣ ያልተካተተበትንና የተካተተበትን፣ ጎን ለጎን መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ሌላው ጉዳይ ዋጋው የሚጸናበት ጊዜ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ለአሥር ወራት አንድ ዋጋ ላይ መቆየት ለሆቴሎች ከባድ ሆኗል፤ ከዘይትና ከቡና ጀምሮ እስከ አንሶላው ድረስ የዕቃ ዋጋ ሲቀያየር ሥራ አስኪያጁ የሚፈራው ዛሬ የፈረመው ዋጋ ከስድስት ወር በኋላ እንዳያስረው ነው። ለዚህ ጥሩው መንገድ ብሩን ለመጀመሪያዎቹ 5 ዙሮች ማጽናትና ከዚያ በኋላ በመቶኛ መስማማት ነው። ሆቴሉ የተለጠፈውን ዋጋ ከፍ ቢያደርግ ቡድኑ ከአዲሱ ዋጋ 20 በመቶ ቀንሶ ይከፍላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የተለጠፈው ዋጋ ለይስሙላ ተሰቅሎ ማንም የማይከፍለው ከሆነ 20 በመቶው ትርጉም አይኖረውም። ደብዳቤውን ከመጻፍ በፊት እንደ ማንኛውም እንግዳ ደውሎ ለመጪው ማክሰኞ አንድ ክፍል ስንት እንደሆነ መጠየቅ እውነተኛውን መነሻ ይነግራል።

የአዳራሽ፣ የሻይና የምሳ ሒሳብ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ባይቀላቀል ይመረጣል። ሆቴሎች ሥልጠናን በሰው በቀን በሚታሰብ ፓኬጅ መሸጥ ይወዳሉ፤ ፓኬጁ አዳራሹን፣ ሁለት የሻይ ዕረፍትን፣ ምሳንና የታሸገ ውኃን ይይዛል። ይሁንና አልጋው ላይ ቀንሶ ምሳው ላይ መጨመር ቀላል ነው፤ ሁለቱ በአንድ ድምር ከቀረቡ ቅናሹ የት እንዳለ አይታይም። የምሳው ጥራትም በዚያው ይወርዳል። ረቡዕና ዓርብ ለጾመኞች የሚቀርበው ምግብ ሽሮ ብቻ ሲሆን ሠልጣኙ የሚወቅሰው አዘጋጁን ነው። ስለዚህ የአልጋው ዋጋ ለብቻው ከተወሰነ በኋላ የፓኬጁ ዋጋ፣ የጾምና የፍስክ ምግብ ዓይነቱ ሳይቀር፣ በአባሪ ተዘርዝሮ ቢጠየቅ ይሻላል።

ለአሠልጣኙ የሚሰጥ ነፃ ክፍልም በቡድን ስምምነቶች ይጠየቃል። 25 ክፍል ከፍሎ 26ኛውን በነፃ ማግኘት ለጠያቂው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሥራ አስኪያጁ ግን 60,000ውን ብር ለ26 አካፍሎ ዋጋው ወደ 2,308 ብር እንደወረደ ያየዋል። ትልቁን ቅናሽ የጠየቀ ጸሐፊ ነፃ ክፍሉን ለድርድሩ ማብቂያ ቢያቆየው፣ ወይም ጨርሶ ቢተወው የሚሰማው ያገኛል።

መልሱ ብዙ ጊዜ እሺም እምቢም አይሆንም። ቡድኑን የማያውቅ ጠንቃቃ ሥራ አስኪያጅ ቅናሹን በደረጃ ይሰጣል። በምሳሌው ሆቴል «በ2,700 እንጀምር፤ 400 የክፍል አዳር ሲሞላ 2,400 እናደርገዋለን» ሊል ይችላል። ይህ ለድርጅቱ መጥፎ መልስ አይደለም፤ ከአንድ ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር ጋር ከመጣ። 400ው አዳር ሲሞላ በመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች በብልጫ የተከፈለው፣ በአንድ አዳር 300 ብር፣ በድምሩ 120,000 ብር ከታክሱ ጋር ከሚቀጥለው ሒሳብ እንዲቀነስ መስማማት ነው። በዚህ ዓይነት ሆቴሉ ቃሉ ባዶ ከሆነ ቡድን ይጠበቃል፤ ቃሉን የጠበቀ ድርጅትም የሚገባውን ቅናሽ ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ ያገኛል። የተያዘውንና ያደረውን ክፍል ብዛት በየዙሩ መጨረሻ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ወረቀት ላይ መፈረም አለባቸው፤ ካልሆነ 400ው መሙላቱ ራሱ ክርክር ይሆናል።

አንድ መነገር ያለበት ነገር አለ። የቡድን ሥራ በሚያመጡ ሰዎች ዙሪያ ቅናሹ ለድርጅቱ መሆኑ ቀርቶ ለአስተባባሪው ኪስ በኮሚሽን መልክ የሚሄድበት አጋጣሚ አለ። ደረሰኙ በሙሉ ዋጋ ይቆረጥና ልዩነቱ በእጅ ይሰጣል። ይህ ድርጅቱን መዝረፍ ነው፤ ሆቴሉንም ያልተቀበለውን ገቢ እንደተቀበለ አስቆጥሮ ታክስ ያስከፍለዋል። ደብዳቤው «ስምምነት የተደረሰበት ዋጋ በእያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ በግልጽ ይታያል» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢጨመርበት ለሐቀኛው ሥራ አስኪያጅም ለሐቀኛው አስተባባሪም መከላከያ ይሆናል።

ደብዳቤው ሐሳብ ማቅረቢያ ነው፤ ውል አይደለም። ግዢያቸው በደንብ የሚመራ ድርጅቶች ከተለያዩ ሆቴሎች ፕሮፎርማ ሰብስበው ማወዳደር ስላለባቸው ተመሳሳዩን ደብዳቤ፣ ቀኖቹንና ቁጥሩን ሳይለውጡ፣ ቢያንስ ለሦስት ሆቴሎች ይልካሉ። ለአንዱ 25፣ ለሌላው 40 ክፍል ተብሎ ከተጻፈ ዋጋዎቹ አይወዳደሩም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ በዓመት ውስጥ በተደጋጋሚ ለሚፈልገው አገልግሎት በግዢ ሕጉ መሠረት የማዕቀፍ ስምምነት የሚባለውን መንገድ ይከተላል፤ በደብዳቤ ብቻ የተያዘ ዋጋ ኦዲት ላይ አይቆምም። የተመረጠው ሆቴል መልሱን በጽሑፍ ከሰጠ በኋላ ዋጋው፣ የቀን ሰሌዳው፣ የቅነሳው ጊዜ ገደብና የአከፋፈሉ ሁኔታ ወደ ስምምነት ሰነድ ተዛውረው ይፈረማሉ፤ አንድ ቅጂ ለሪሴፕሽን ኃላፊው መድረስ ይኖርበታል፤ ሰኞ ጠዋት 25 ሰው ሻንጣ ይዞ ሲቆም ዋጋውን ከኮምፒውተሩ የሚያወጣው እሱ ነውና።